ከአንድ መሶብ የበሉ እህትማማቾችና የዘጠኝ ነጥብ ልዩነት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ 31 ዓመቴ ነው፣ ታናሽ እህቴ ደግሞ 27። ሁለታችንም ገና አልወለድንም። በቅርቡ አብረን አጠቃላይ የጤና ምርመራ አድርገን ቢኤምአይ የሚባለውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ሰጡን። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 55 ኪሎ ነው፤ ቁጥሬ 18.2 ሆኖ «ክብደቷ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ተጽፏል። እህቴ 1 ሜትር ከ56 እና 66 ኪሎ ስትሆን ቁጥሯ 27.1 ነው፣ «ከመጠን ያለፈ ክብደት» ተብላለች። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንበላው ከአንድ መሶብ ነው፤ በመካከላችን ያለውም ልዩነት 11 ኪሎ ብቻ ነው። ታዲያ ቁጥሮቻችን እንዴት እንዲህ ተራራቁ? እናታችን ወረቀቶቹን አይታ «አንዷን አስርቤ አንዷን ቀልቤ ያሳደግሁ አስመሰላችሁኝ» ብላ ሳቀች። የትኛችን ነን የታመምነው?

ምላሽ፦ መልሱን ከመጻፌ በፊት የጠየቅኋችሁን ተጨማሪ ልኬቶች በጥንቃቄ ለክታችሁ ስለ ላካችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ያለ እነርሱ ልሰጥ የምችለው መልስ በየትም የሚገኝ መልስ ብቻ ይሆን ነበር። ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ሁለቱም ቁጥሮች በስሌት ረገድ ትክክል ናቸው፤ ከሁለታችሁም የታመመች ስለ መኖሯ ግን በራሳቸው የሚያረጋግጡት ነገር የለም። ለየብቻ ሲታዩ ደግሞ የእርስዎ ቁጥር ስለ ሰውነትዎ የተሳሳተ ነገር ተናግሯል፣ የእህትዎ ቁጥር ግን ያን ያህል አልተሳሳተም። ሁለቱም ወረቀቶች እኩል የተሳሳቱ ናቸው ብዬ ብጽፍ ሁለታችሁም ደስ ይላችሁ ነበር፤ ልኬቶቹ ግን እንዲያ አይሉም።

በመጀመሪያ 11 ኪሎ እንዴት ዘጠኝ ነጥብ እንደ ሆነ እንመልከት። ቢኤምአይ የሚገኘው ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው በማካፈል ነው። የእርስዎ ቁመት በራሱ ሲባዛ 3.03 ይሆናል፣ የእህትዎ ደግሞ 2.43። የቁመታችሁ ልዩነት 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ክብደታችሁ የሚካፈልባቸው ቁጥሮች በሩብ ያህል ይበላለጣሉ ማለት ነው። ይህን በግልጽ ለማየት ሁለታችሁም 60 ኪሎ ናችሁ ብለን እናስብ፤ የእርስዎ ቁጥር 19.8፣ የእህትዎ ደግሞ 24.7 ይሆናል። በሚዛን ላይ አንዲት ግራም ሳትበላለጡ አምስት ነጥብ ያህል ትራራቃላችሁ። የቀረው አራት ነጥብ ነው ከእውነተኛው የኪሎ ልዩነት የመጣው። የእርስዎ ቁጥር እንደ እህትዎ 27.1 እንዲሆን 82 ኪሎ መመዘን ይኖርብዎታል፤ እርሷም የእርስዎን 18.2 ለማግኘት ወደ 44 ኪሎ መውረድ ይኖርባታል። ስለዚህ «ልዩነታችን 11 ኪሎ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ያሳስታል፤ ረጅሟ ክብደቷ ያነሰ፣ አጭሯ ክብደቷ የበለጠ በመሆኑ ሁለቱ ልዩነቶች በአንድ አቅጣጫ ተደራርበዋል።

ቁመቱ በራሱ የሚባዛበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ አለው። ስሌቱን መጀመሪያ የቀመረው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ የቤልጂየም የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1830ዎቹ ነው። ኬትሌ ሐኪም አልነበረም፤ የሚፈልገው በብዙ ሰዎች ላይ የሚታየውን አማካይ ለማወቅ እንጂ አንድን ሰው ለይቶ ወፍራም ወይም ቀጭን ነው ለማለት አልነበረም። የአንድ ሰው አካል ቅርጹን ሳይለውጥ በርዝመትም በወርድም በውፍረትም እኩል ቢያድግ ኖሮ ክብደቱ የሚያድገው ቁመት ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ነበር። ኬትሌ ያስተዋለው ግን ረጃጅም አዋቂዎች የአጫጭሮቹ ጎላ ያለ ቅጂ እንዳልሆኑና ከርዝመታቸው አንጻር ቀጠን እንደሚሉ ነው፤ በመሆኑም ቁመትን ሁለት ጊዜ ማባዛት ለብዙዎቹ ተስማምቶ ተገኘ። ቢኤምአይ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 አንሰል ኪይስና ባልደረቦቹ በወንዶች ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ስሌቱ የቁመትን ተጽዕኖ የሚያስወግደው በአማካይ ነው፤ ረዘም ያለው የሰውነት ክፍል እግር ይሁን ከዳሌ በላይ ያለው የላይኛው አካል፣ አጥንት ይሁን ሥጋ፣ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም።

የእርስዎ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። በላካችሁልኝ ልኬት መሠረት፣ ተቀምጣችሁ ከመቀመጫው እስከ አናታችሁ ስትለኩ እርስዎ 87 ሴንቲ ሜትር፣ እህትዎ 82 ሴንቲ ሜትር ናችሁ። ቆማችሁ በ18 ሴንቲ ሜትር የምትበላለጡ ሰዎች ተቀምጣችሁ የምትበላለጡት በ5 ብቻ ነው። የቀረው 13 ሴንቲ ሜትር በሙሉ የእግር ርዝመት ነው። ማዕድ ላይ ተቀምጣችሁ የተነሣችሁትን ፎቶግራፍ ብትመለከቱ ማን ረጅም እንደ ሆነች ለመለየት የማያውቃችሁ ሰው ይቸገራል ብዬ እገምታለሁ።

እግር ከቁመታችን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይይዛል፤ ሁለቱ እግሮች በአንድነት ግን ከሰውነት ክብደት ሲሶ ገደማ ብቻ ናቸው። የክብደቱ ትልቁ ድርሻ ያለው ሳንባ፣ ልብ፣ ጉበት፣ አንጀትና የጀርባ ጡንቻ በሚገኙበት በላይኛው አካላችን ውስጥ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት የላይኛው አካሏ እንዳለ ሆኖ እግሯ በ13 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ከላይ የሚገኘው ክብደት ጥቂት ብቻ ይጨምራል፤ ከታች ክብደቱ የሚካፈልበት ቁመት ግን በራሱ ተባዝቶ በብዙ ያድጋል። ውጤቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው፤ ዝቅ ያለውም ሰውየው ስለ ከሳ ሳይሆን የሚካፈልበት ቁጥር ስለ ገዘፈ ነው። አጭር እግር ያላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይደርሳል።

ይህ ነገር በእኛ ሀገር እንግዳ አይደለም። በቆላማ የአርብቶ አደር አካባቢዎች በሕፃናት ላይ የተደረጉ የሥነ ምግብ ዳሰሳዎች፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ ረጃጅም እግር ያላቸውን ልጆች ከሚገባው በላይ «ከስተዋል» ብሎ እንደሚመዘግብ፣ የክንድ ዙሪያ ልኬት ግን እንደዚያ እንደማያደርግ አሳይተዋል። በአዋቂዎችም ላይ ችግሩ አንድ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ምግብዎ ሳይሆን ተቀምጠው ስለሚለኩት ቁመት ነበር።

ለማረም የሚያገለግል አንድ ግምታዊ መንገድ አለ። ተቀምጠው የተለኩትን ቁመት ቆመው ለተለኩት ማካፈል ነው፤ የእርስዎ 87 ለ174 ሲካፈል 0.50፣ የእህትዎ 82 ለ156 ሲካፈል 0.526 ይሆናል። በሕዝቦች አማካይ ላይ የተሠራ ጥናት እንደሚያመለክተው ይህ ምጣኔ በ0.01 ሲቀንስ ቢኤምአይ ወደ 0.9 ነጥብ ያህል ይቀንሳል፤ ሲጨምርም በዚያው መጠን ይጨምራል። ማነጻጸሪያ አድርገው የሚወስዱት 0.52ን ነው። እርስዎ ከዚያ በ0.02 ስለሚያንሱ 1.8 ነጥብ ይጨመርልዎታል፣ ቁጥርዎም 18.2 መሆኑ ቀርቶ 20 ይሆናል። እህትዎ በ0.006 ገደማ ስለምትበልጥ ግማሽ ነጥብ ይቀነስላታል፤ 27.1 የነበረው 26.6 ይሆናል ማለት ነው። ይህ ማስተካከያ ከብዙ ሰዎች አማካይ የተገኘ በመሆኑ በአንድ ሰው ላይ እስከ ነጥብ ድረስ ትክክል ነው ብዬ አልሟገትም፤ አቅጣጫውን ግን በአስተማማኝ ያሳያል። የእግር ርዝመት እርስዎን ከ«ዝቅተኛ» ወደ ጤናማው ክልል በደንብ ሲያስገባዎት፣ ለእህትዎ ግን የሚቀይርላት ነገር ጥቂት ነው።

ይህን ልኬት ለመውሰድ የሚፈልግ ሌላ ሰው ቢኖር፣ አሠራሩ ቀላል ቢሆንም የሚያሳስቱ ነገሮች አሉት። ጠንካራና ጠፍጣፋ የእንጨት በርጩማ ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሰውየው መቀመጫውና ጀርባው ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጠፍጣፋ መጽሐፍ በአናቱ ላይ ተደርጎ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከወለሉ እስከ ምልክቱ ካለው ርዝመት የበርጩማው ከፍታ ይቀነሳል። በእርስዎ ልኬት በርጩማው 45፣ ምልክቱ ደግሞ 132 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለ ነበር 87 ተገኘ። ሶፋ ላይ ወይም ትራስ ላይ ተቀምጦ የተለካ ሰው ወደ ታች ስለሚሰምጥ እግሩ በሐሰት ይረዝማል፤ ጎበጥ ብሎ የተቀመጠም እንዲሁ። ሁለት ጊዜ ለክቶ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ከመጣ ሦስተኛ መለካት ይገባል።

ስለ እርስዎ ቁጥር አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት መለያ መስመር ለአዋቂዎች ጤናማ ክብደትን ከ18.5 እስከ 24.9 ያደርገዋል፤ እርስዎ 18.2 በመሆንዎ ከመስመሩ በታች የወደቁት ለጥቂት ነው። ምን ያህል ለጥቂት እንደ ሆነ ሰዎች አያስተውሉትም። በእርስዎ ቁመት 18.5 ማለት 56 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ደግሞ ቁርስ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ጃኬት ሳያወልቁ ሚዛን ላይ በመውጣት ብቻ የሚገኝ ልዩነት ነው። ምርመራው በሁዳዴ ማብቂያ አካባቢ ወይም በባዶ ሆድ ማለዳ ተደርጎ ከነበረም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቁመቱም እንዲሁ ነው፤ ከፍ ተደርጎ የታሰረ ጸጉር ወይም ያልወለቀ ጫማ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨምሮልዎት ከሆነና እውነተኛው ቁመትዎ 1 ሜትር ከ72 ከሆነ፣ በዚያው 55 ኪሎ ቁጥርዎ 18.6 ይሆናል፤ ወረቀቱም «ጤናማ» ይል ነበር። በሥራዬ ላይ በተደጋጋሚ የማየው ስሕተት ይኸው ነው፤ የቁመት መለኪያው እንጨት ሹሩባው ላይ ያርፋል፣ ለካሹም ወረፋ ስለ በዛበት ዝም ብሎ ይጽፋል። ሚዛኑ ላይ ያለው ስሕተት ግልጽ ስለ ሆነ ሰው ይከራከርበታል፣ ቁመቱን ግን ማንም አይጠራጠርም፤ በስሌቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚገባው ግን ቁመቱ ነው።

አሁን ወደ እህትዎ ልምጣ። ከልኬቶቹ ጋር በላካችሁት ደብዳቤ ላይ «እሷ አጥንቷ ከባድ ነው» የሚል ቃል አለ። ይህ አነጋገር በየቤቱ የሚሰማ ነው፤ ውስጡ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ሰዎች ከሚሸከመው በላይ ይጭኑበታል። የእጅ አንጓዋ ዙሪያ 16 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የእርስዎ 14.5 ነው፤ በ18 ሴንቲ ሜትር የምታጥር ሆና አንጓዋ ከእርስዎ መወፈሩ ተክለ ሰውነቷ ሰፋ ያለ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ ደልደል ያሉ መሆናቸውን ያሳያል። እንዲህ ያለ ግንባታ ላለው ሰው ጡንቻውም በዚያው ልክ ዳበር ይላል፤ ስለዚህ ከቁጥሯ ላይ የተወሰነው ክፍል ስብ ሳይሆን አጥንትና ጡንቻ ነው። ይሁን እንጂ በአንዲት ሴት ሰውነት ውስጥ ያለው አጥንት በጠቅላላው ጥቂት ኪሎዎች የሚመዝን በመሆኑ፣ በሰፊና በጠባብ ግንባታ መካከል አጥንት ብቻውን የሚያመጣው ልዩነት አንድ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። በእህትዎ ቁመት አንድ ኪሎ 0.4 ነጥብ ያህል ስለሆነ፣ የአጥንቱ ነገር ከ27.1 ላይ የሚያነሣው ከአንድ ነጥብ ያነሰ ነው።

የጡንቻና የስብን ድርሻ ለመለየት በየፋርማሲውና በየጂሙ በር ላይ የሚቆሙትን በእግር መዳፍ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ ሚዛኖች ሰዎች ይጠቀማሉ። እኔ በእነርሱ ቁጥር አልወስንም፤ ውኃ በመጠጣትና ባለመጠጣት ብቻ ውጤታቸው በአንድ ቀን ውስጥ ይለዋወጣል። ከእነርሱ ይልቅ ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ሜትር የበለጠ ነገር ይነግረኛል።

የወገብ ዙሪያችሁ እርስዎ 69፣ እህትዎ 82 ሴንቲ ሜትር ነው። ወገብን የምለካበት ምክንያት ስብ በየትኛው ቦታ እንደ ተቀመጠ ቢኤምአይ ስለማይናገር ነው። ዳሌና ጭን ላይ ያለ ስብ ብዙም ጉዳት የለውም፤ በሆድ ውስጥ ጉበትንና አንጀትን ከብቦ የሚከማቸው ግን ከደም ግፊት፣ ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር የተቆራኘ ነው። ለማስታወስ የሚቀለው መመሪያ ወገብ ከቁመት እኩሌታ አይበልጥ የሚለው ሲሆን፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለአዋቂዎች ከቢኤምአይ ጋር አብሮ እንዲሠራበት አድርጎታል። የእርስዎ የቁመት እኩሌታ 87 ነው፤ ወገብዎ ከዚያ በ18 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። የእህትዎ እኩሌታ 78 ነው፤ ወገቧ ከዚያ በ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ለዚህ ነው የእርሷ ወረቀት ብዙም አልተሳሳተም ያልሁት። አደጋ ላይ ናት ማለቴ አይደለም፤ መስመሩን ጥቂት አልፋለች፣ ያለፈችውም በአጥንቷ ሳይሆን በሆዷ ዙሪያ ባለው ስብ ነው ማለቴ ነው።

ወገብን ስትለኩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ብነግራችሁ መልካም ነው። ትክክለኛው ቦታ የሱሪ ቀበቶ የሚታሰርበት አይደለም፤ በጎን በኩል የመጨረሻውን የጎን አጥንትና የዳሌ አጥንትን ጫፍ በጣት ዳስሶ በሁለቱ መካከል ነው። ሜትሩ በቆዳ ላይ ያርፋል፣ አይጠብቅም፤ ትንፋሽ በተፈጥሮ ወጥቶ ሲያበቃ ይነበባል። ሆድን ሰብስቦ መለካት ሜትሩን ሳይሆን ራስን ማታለል ነው። እህትዎ መጀመሪያ የላከችው 77 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ሁለተኛ እንድትለካ የጠየቅኋት በልብስ ላይ አጥብቃ እንደ ለካችው ስለ ጠረጠርሁ ነው፤ 82 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ሴንቲ ሜትሩ መልሴን ሙሉ በሙሉ ለውጦታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ለእርስዎ የምመክረው ቁጥሩን ለመሙላት ብለው ከፍላጎትዎ በላይ ቅባትና ጣፋጭ እንዳይበሉ ነው። ከ20 ዓመትዎ ጀምሮ ከ54 እስከ 56 ኪሎ ባለው ውስጥ እንደ ቆዩ ጽፈዋል፤ ለእኔ ከ18.2 ይልቅ የሚመዝነው ይህ ነው። ለአሥር ዓመት ሳይለወጥ የቆየ ዝቅተኛ ክብደትና በስድስት ወር ውስጥ የመጣ ዝቅተኛ ክብደት በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፣ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው። ሳያስቡት በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ኪሎ ያህል ቢቀንሱ፣ የወር አበባዎ ቢዛባ ወይም ቢቀር፣ ሌሊት ቢያልብዎት ወይም የማያቋርጥ ሳል ቢኖር፣ ልብዎ ያለ ምክንያት በፍጥነት ቢመታ፣ ያን ጊዜ የእግርዎን ርዝመት ምክንያት ሳያደርጉ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳና የታይሮይድ ዕጢ መዛባት በዚህ መልክ ሊጀምሩ ይችላሉ። እስካሁን ካላደረጉት የደም ማነስ ምርመራ አንድ ጊዜ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ደም ማነስ ከክብደት ጋር ሳይገናኝ በማንኛዋም ሴት ላይ ሊገኝ ይችላልና።

ለእህትዎ ደግሞ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው የደም ግፊቷን መለካትና በባዶ ሆድ የሚደረገውን የስኳር ምርመራ ማድረግ ነው፤ በተለይ በወላጆቻችሁ ወገን ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይህን አታዘግየው። ሁለተኛው ግቧን በቢኤምአይ ሳይሆን በወገቧ እንድትይዝ ነው። ከ66 ኪሎዋ ላይ ሦስት ወይም አራት ኪሎ በዝግታ ብትቀንስ ወገቧ ወደ 78 ሊጠጋ ይችላል። በዚያን ጊዜ ቁጥሯ ከ25.5 እስከ 25.9 ባለው ውስጥ ይሆናል፤ ወረቀቱ አሁንም «ከመጠን ያለፈ» ይላል፤ እኔ ግን በዚያ ላይ እንድታቆም እመክራለሁ። ሰፊ ተክለ ሰውነት ላላት ሴት ከዚያ በታች ለመውረድ መታገል ከስብ ጋር ጡንቻንም ሊያሳጣት ይችላል። የእርስዎን ቁጥር ግብ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ 44 ኪሎ ሆና በ18.2 ብትቆም የረጅም እግር ማካካሻ ስለሌላት በእውነት የከሳች ሴት ትሆናለች። አንድ ዓይነት ቁጥር በእርስዎ ላይ ጤና፣ በእርሷ ላይ ረሃብ ነው።

ሁለታችሁም ገና አለመውለዳችሁን ስለ ጠቀሱ፣ ይህ ቁጥር ወደ ፊት ተመልሶ የሚመጣበትን አንድ ቦታ ልጠቁም። በእርግዝና ክትትል ላይ እናት ስንት ኪሎ መጨመር አለባት የሚለው ከእርግዝና በፊት በነበረው ቢኤምአይ ይወሰናል። በስፋት በሚሠራበት የአሜሪካ መመሪያ መሠረት ከ18.5 በታች ለሆነች ሴት ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ፣ በጤናማው ክልል ላለች ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ፣ ከ25 እስከ 29.9 ላለች ደግሞ ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ ነው። እርስዎ በወረቀቱ መሠረት ከመጀመሪያው ምድብ ይገባሉ፣ በእግርዎ ሲታረም ግን ከሁለተኛው። ሁለቱ ምድቦች ከ12.5 እስከ 16 ኪሎ ባለው ስለሚገናኙ፣ በዚያ መካከል ከሆኑ የትኛውም ስሌት ቢያሸንፍ አይጎዱም፤ ተቀምጠው የተለኩትን ቁመት ለሚከታተልዎት ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ መንገሩ ግን አይከፋም።

የእናትዎን ጨዋታ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት መልስ ስላለው ነው። የመጀመሪያው የወር አበባዎ በ16 ዓመትዎ፣ የእህትዎ ደግሞ በ12 ዓመት ከመንፈቅ እንደ መጣ ነግረውኛል። የሴት ልጅ እግር በፍጥነት የሚያድገው ከጉርምስና በፊት ባሉት ዓመታት ነው፤ የወር አበባ ሲጀምር በሰውነት ውስጥ የሚበዛው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የእግር አጥንቶችን የእድገት ጫፍ ቀስ በቀስ ይዘጋዋል፤ የላይኛው አካል ግን ከዚያ በኋላም ጥቂት ያድጋል። የዘር ድርሻ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ እግርዎ የሚያድግበት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተጨማሪ ጊዜ አግኝተዋል፤ እህትዎ ቀድማ ጎለመሰች፣ እግሯም ቀድሞ ቆመ። ስለዚህ ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፤ በላይኛው አካላችን በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የምንበላለጠው፣ የቀረውን 13 ያደረገው ሰዓቱ እንጂ መሶቡ አይደለም።